«አልነሳም አሉ»ን ላርመው ወይስ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ አጫጭር አስቂኝ ጽሑፎች ይጽፋል። አንድ መጽሔት ሊያወጣለት ፈቅዶ «ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክለህ ላክ» ስላለው እኔ ልረዳው ተቀበልኩ። ትምህርቴም ሥራዬም ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹን አርሜ ስሰጠው አንብቦ ዝም አለ። ቆይቶ «ስህተት የለውም፤ ግን ማን እንደጻፈው አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልላከልኝም። ተናድጄም አዝኜም ነው የምጽፍልዎ። እንዳለ ብተወው ሰው «ፊደል ያልቆጠረ» ይለዋል ብዬ እፈራለሁ። ባርመው ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ድንበሩ የት ነው? ወይስ ሥራውን ለሌላ ሰው ልተወው? እንዲያዩት አንዱን አንቀጽ ከነስህተቱ፣ ከሥሩ ደግሞ እኔ ያረምኩትን አያይዣለሁ።

የእሱ፦ «ጠዋት ስነሳ ስልኬ አልነሳም አሉ፡፡ እሳቸዉ ሼባ ናቸዉ አቦ አይፈረድባቸዉም ባትሪዉን አውጥቼ አሻሸሁላቸው አይናቸውን ገለጥ አደረጉና አንድ ፐርሰንት አሳይተውኝ ላሽ አለ፡፡ ከዛ እኔ ፋራዉ ቁጭ ብዬ ጠበኩት ጀለሴ ደሞ አጠገቤ ሆኖ ሙድ ይይዝብኛል አንቺ ቀብሩ መቼ ነዉ ንገረን እንጂ ይለኛል»

የእኔ፦ «ጠዋት ስነሣ ስልኬ አልሠራ አለኝ። አሮጌ በመሆኑ አይፈረድበትም። ባትሪውን አውጥቼ ባሻሸውም አንድ በመቶ ብቻ አሳይቶኝ ጠፋ። እኔም ሞኙ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። በዚህ ጊዜ ጓደኛዬ አጠገቤ ሆኖ ‹ቀብሩ መቼ ነው?› በማለት ያሾፍብኝ ነበር።»

እርሳሷ የከበደባት እህት

ውድ እህቴ፣

ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ካደረግሻቸው ለውጦች ብዙዎቹ ደህና ሥራ ናቸው። «ነዉ»ን «ነው» አድርገሻል፤ ጥንድ ሁለት ነጥቦቹን በአራት ነጥብ ተክተሻል፤ የጓደኛውን ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አጥረሽ ጥያቄው ላይ ምልክት አኑረሻል፤ «ጠበኩት» ውስጥ የተዋጠችውን «ቅ» መልሰሻል። ከእነዚህ አንዱም ሳቅ አልቀነሰም። ወንድምሽም ቢሆን በነዚህ የተከፋ አይመስለኝም። ስለዚህ እጅሽ ሁሉ ጥፋት እንደሠራ አድርገሽ አታስቢ። የሚያነጋግረን ከእነሱ የተረፈው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የወንድምሽን አንቀጽ የመጀመሪያ ጊዜ ስታነቢ የት ላይ ሳቅሽ? እኔን ያሳቀኝ «አልነሳም አሉ» ላይ ነው። «ሼባ» ሲመጣ ቀድሜ ስቄያለሁ። ልጁ ያረጀ ስልኩን አንቱ ብሎ ጀመረ፤ እንደ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከአልጋቸው አልነሳም አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ «እሳቸው»፣ «አይፈረድባቸውም»፣ «አሻሸሁላቸው»፣ «አይናቸውን ገለጥ አደረጉ»፣ በዚያች አንድ «አሉ» ላይ የቆመ ነው። አንቺ ደግሞ «አልሠራ አለኝ» ስትዪ ስልኩ ተመልሶ ዕቃ ሆነ። ከዚያ ወዲያ «ሼባ»ንም «ላሽ»ንም እንዳሉ ብትተያቸው ኖሮ እንኳ አንቀጹ አያስቅም ነበር።

ይህን ያነሳሁት «የሱን አነጋገር ጠብቂ» ሲባል ብዙ ሰው «የአራዳውን ቃላት አትንኪ» ማለት ብቻ ስለሚመስለው ነው። ቃላቱ በዓይን ስለሚታዩ እነሱን መጠበቅ ቀላል ነው። በአማርኛ ግን ቀልድ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ሰዋስው ውስጥ ነው፦ ማን አንቱ ተባለ፣ ማን አንተ፣ ማን አንቺ፤ የትኛው ቃል ተደገመ፤ ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ ቆመ። አራሚ የሚነካው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ቦታ ነው። ስለዚህ እርሳሱን ከማንሳትሽ በፊት አንድ ጊዜ እንደ ማንኛውም አንባቢ አንብቢውና የሳቅሽበትን ቦታ ብቻ አስምሪበት። ከዚያ ሳቁ ምን ላይ እንደተንጠለጠለ ለራስሽ በአንድ አጭር ሐረግ ጻፊ። እዚህ ላይ ለምሳሌ «ስልክ አንቱ ተባለ» ትያለሽ። ካወቅሽው በኋላ ያንን ገመድ የሚበጥስ እርማት ከመጣ፣ ትክክል ቢመስልሽም እጅሽን ትሰበስቢያለሽ።

ድግግሞሹንም ልብ በዪልኝ። «ስነሳ ስልኬ አልነሳም አሉ» ሲል «መነሳት» ሁለት ጊዜ መጥቷል። በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ቢሆን እኔም አንዱን እቀይረው ነበር። እዚህ ግን እሱ ተነሣ፣ እሳቸው እምቢ አሉ፤ ቀልዱ መደገሙ ነው። አንቺ የቀየርሽው ስለተማርሽው ይመስለኛል፤ ቃል መደጋገም ጉድለት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጆሮሽ «ተደገመ» ሲልሽ ወዲያው አታጥፊው። መጀመሪያ «ሁለተኛው የመጣው ሌላ ቃል ስላጣ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ጋር ሊጋጭ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ጓደኛው ንግግር እንምጣ። አንቺ «አንቺ»ን አውጥተሻታል። ለምን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ወንድ ለወንድ ስለተባለ የጾታ ስህተት መስሎሽ ይመስለኛል። ወንድሞችሽና ጓደኞቻቸው ሲቀላለዱ ሰምተሽ ከሆነ ግን ወንዱን አንቺ ማለት ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፍቅርም ነው፣ ማብሸቅም ነው። ይቺን ቃል ስታወጪ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለውን ቅርበት አብረሽ አወጣሽው፤ የቀረው ማንም ሊጠይቀው የሚችል ተራ ጥያቄ ሆነ።

እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን እውነተኛ ስህተት አለ፤ እሱን አልፈሽዋል። ወንድምሽ «አንቺ ቀብሩ መቼ ነዉ ንገረን እንጂ» ነው ያለው። አንቺ ብሎ ጀምሮ «ንገረን» ብሎ ጨረሰ። ይህ መስተካከል አለበት፤ አቅጣጫው ግን ወደ «ንገሪን» ነው። «አንቺ፣ ቀብሩ መቼ ነው? ንገሪን እንጂ» ሲባል ሰዋስውም ተስማማ፣ ብሽቀቱም እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ሁለት መንገድ በነበረበት ቦታ ላይ ቀልዱ ወደሚሄድበት ማረም ማለት ይህ ነው። ብዙ ሰው ሰዋስውን ማረምና ቀልድን መጠበቅ ሁልጊዜ የሚጣሉ ይመስለዋል። በደንብ ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው እርማት ቀልዱን ያጎላዋል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስቸግረው «አንድ ፐርሰንት አሳይተውኝ ላሽ አለ» የምትለዋ ናት። እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲባል የቆየ ስልክ እዚህ ላይ ድንገት «አለ» ተባለ። ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? አንቺ ሁሉንም ወደ አንተ ስላወረድሽው ይህ ጥያቄ ከነጭራሹ አልተነሣብሽም። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ለብቻው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን የጣት ስህተት ነው ብዬ «አሉ» አደርገው ነበር። ወደ ታች ስወርድ ግን «ጠበኩት» ይላል እንጂ «ጠበቅኳቸው» አይልም። ከ«ላሽ አለ» በፊት ያለው ሁሉ አንቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንተ። እንዲህ በአንድ ነጥብ ላይ ተቆርጦ የተለወጠ ነገር ብዙ ጊዜ ሐሳብ አለበት፤ ስልኩ ጥሎት ሲሄድ ልጁ ተናዶ ማዕረጉን የገፈፈው ይመስላል። ከሆነ ደግሞ ከአንቀጹ ሁሉ ምርጡ ቀልድ ይህ ነው።

ችግሩ፣ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለተጨናነቁ አንባቢው ስህተት መስሎት ያልፈዋል። «አሳይተውኝ» ብሎ ሳይተነፍስ «ላሽ አለ» ማለት አይሆንም። አማራጩ መሃሉ ላይ ማቆም ነው፦ «አንድ ፐርሰንት አሳዩኝ። ላሽ አለ።» አራት ነጥቡ ገባ፣ አንቱታው ከነጥቡ በፊት ቀረ፣ አሁን ማንም ስህተት አይለውም። በአንጻሩ ወንድምሽ «ኧረ ረስቼው ነው» ካለሽ፣ «አሳይተውኝ ላሽ አሉ» ታደርጊና ቀጣዩን «ጠበቅኳቸው» ትያለሽ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ እርማት አይጻፍም፤ ጥያቄ ይጻፋል። ጥያቄውም «ይህ ስህተት ነው» በሚል መንፈስ አይሁን። «እዚህ ላይ ከአንቱ ወደ አንተ ወርደሃል፤ ተናደህበት ነው ወይስ አምልጦህ? ተናደህበት ከሆነ ነጥብ ብናስገባበት ይጎላል» በዪው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰው ጸሐፊ ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው እንዳገኘ ይገባዋል።

ስለ አራዳው ቃላት ብዙ አልልሽም። «ፋራ»ን «ሞኝ»፣ «ላሽ አለ»ን «ጠፋ» ስታደርጊ ትርጉሙም ትንሽ ተንሸራቷል። ፋራ ዘመኑ ያለፈው፣ ያልነቃ ሰው ነው፤ ብልህ ሆኖም ፋራ መሆን ይቻላል። ላሽ ያለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አልጠፋም፣ ሹልክ ብሎ ነው የሄደው፤ ለሽማግሌው ስልክ የሚገባውም ይኸው ነው። ስለዚህ ይቆዩ። እንደ ይቅርታ መጠየቂያ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አትክተቻቸው፤ ከጎናቸውም በቅንፍ ፍቺ አትጻፊ። «ጀለሴ» የሚለው ቃል በጥቅስ ሲታጠር ጸሐፊው ራሱ ቃሉን በሁለት ጣት እንደያዘው ነው የሚመስለው። አንባቢ ላይገባው ይችላል ብለሽ የምትሠጊበት ቃል ካጋጠመሽ ለወንድምሽ ንገሪውና በራሱ አነጋገር ከፊቱ ወይም ከኋላው የሚያስረዳ ነገር ይጨምርበት። ለምሳሌ ሼባን የማያውቅ ሰው እንኳ «አይፈረድባቸውም» ሲል ዕድሜያቸው እንደገፋ ይገባዋል፤ እዚህ ላይ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

እነዚህ ቃላት መዝገበ ቃላት ገልጠሽ የምታረጋግጫቸው ስላልሆኑ አጻጻፋቸው በየቦታው ሊለያይ ይችላል፤ አንድ ቦታ «ጀለስ»፣ ሌላ ቦታ «ጄለስ»። የትኛው ልክ ነው ብለሽ አትድከሚ። እሱ አብዝቶ የሚጽፈውን ውሰጂና በሁሉም ጽሑፎች ውስጥ አንድ አድርጊው።

አንቺን የሚያስጨንቅሽ ግን ፊደሉ ነው፤ ሰው «ፊደል ያልቆጠረ» ይለዋል ብለሽ። እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ ብትለያቸው ይቀልሻል።

አንደኛው ንጹሕ ስህተት ነው። «ነዉ»፣ «ናቸዉ»፣ «ባትሪዉን» ማንም ሲናገር ከ«ነው» ለይቶ አይሰማውም። የእሱ ድምፅ የለበትም፤ ጣት የፈጠረው ነው። ዝም ብለሽ አርሚው። የ«፡፡»ም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጥንዱን ሁለት ነጥብ በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ፈልገሽ በአንድ ጊዜ በ«።» መተካት ትችያለሽ። «ዉ»ን ግን በጅምላ አትተኪ፤ አንድ በአንድ እያየሽ ሂጂ፤ ሰው ሲጎትተው «ዉይ» ብሎ የጻፈውን ነገር ሳታውቂ እንዳታጠፊ።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ስነሳ»ን «ስነሣ» አድርገሽለታል። በትውፊቱ መሠረት የምትከራከሪበት ነገር አለሽ። ግን ሌላ ቦታ «አይን» ብሎ የጻፈውን አጋጥሞሽ «ዓይን» ልታደርጊ ነው፣ «ሰራ»ን «ሠራ»፣ «ጸሀይ»ን «ፀሐይ»፤ ሳታስቢው ጽሑፉን በሙሉ ወደ ራስሽ አጻጻፍ ታዞሪዋለሽ። መጽሔቱ የራሱ የፊደል ደንብ ካለው እሱን ጠይቁና ተከተሉ። ከሌለው ወንድምሽ የለመደውን ያዢና አንድ ወጥ አድርጊው። አንባቢን የሚያውከው በአንድ ገጽ ላይ «አይን»ም «ዓይን»ም ማየት ነው።

ሦስተኛው ከአፍ የመጣው ነው፦ «ከዛ»፣ «ደሞ»፣ «ይሄ»። እነዚህን «ከዚያ»፣ «ደግሞ»፣ «ይህ» ስታደርጊ ልጁ ከጓደኞቹ መሃል ተነሥቶ መድረክ ላይ የወጣ ይመስላል። ይቆዩ። የምትለዪበት ቀላል መንገድ ቃሉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ አፍ በእርግጥ እንደዚያ የሚለው ከሆነ ድምፁ ነው፤ አፍ የማይለው ከሆነ የጣት ስህተት ነው። ይህ መንገድ ግን «ጠበኩት» ላይ አይሠራም። በፍጥነት ስንናገር «ቅ»ን «ኩ» ስለሚውጣት ጆሮ አይሰማትም፤ የአንባቢው ዓይን ግን ይፈልጋታል፤ ካጣት አንድ አፍታ ይደናቀፋል። ስለዚህ መመለስሽ ትክክል ነው። ሆኖም የመለስሽው በ«ጠበቅሁት» ነው፤ ያ ደግሞ የጽሑፍ ቋንቋ ነው። «ጠበቅኩት» ብትዪው ፊደሉም ይሟላል፣ አነጋገሩም የእሱ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ስህተት ሁለት ትክክለኛ አጻጻፍ ሲኖር ለጸሐፊው አፍ የሚቀርበውን ምረጪ።

ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ወንድምሽ በእርግጥ እገዛ ይፈልጋል። «ሼባ ናቸዉ አቦ አይፈረድባቸዉም ባትሪዉን አውጥቼ» ብሎ ሲሮጥ አንባቢው መመለስ ይኖርበታል። አንዳንድ ጸሐፊ ሆን ብሎ ሳይተነፍስ ይጽፋል፤ ያንን ከስህተት የምትለዪው አንባቢው ወደ ኋላ ሳይመለስ መጨረስ በመቻሉ ነው። እዚህ አይችልም። ነጥቡ የት ይግባ የሚለው ግን በ«አቦ» ላይ የተመሠረተ ነው። «እሳቸው ሼባ ናቸው አቦ፣ አይፈረድባቸውም» ከሆነ ልጁ ነገሩን አምኖ ትከሻውን እየነቀነቀ ነው። «እሳቸው ሼባ ናቸው። አቦ አይፈረድባቸውም» ከሆነ ደግሞ ከሚከራከረው ሰው ጋር ስለ ስልኩ ይሟገታል። ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ይህንን ከወረቀቱ ልታውቂው አትችዪም። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» በዪውና የሚያርፍበትን ስሚ፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጊ።

ቃለ አጋኖ እንዳትጨምሪ ደግሞ አደራ። እሱ ካላስቀመጠ ቀልዱ ደረቅ ሆኖ እንዲሄድ ፈልጎ ነው። ትእምርተ ስላቅም እንዲሁ። የተገለበጠችው «¡» ምልክት ምፀትን ለማሳየት የምታገለግል የራሳችን ምልክት ናት፤ እኔም እወዳታለሁ። ጸሐፊው ራሱ ሲጠቀምባት ያምርባታል። አራሚ ሲጨምራት ግን «እዚህ ላይ ቀልዶ ነው» ብሎ ለአንባቢ እንደ መንገር ነው። ያንቺ «በማለት ያሾፍብኝ ነበር» ያደረገውም ይህንኑ ነው። ወንድምሽ «ሙድ ይይዝብኛል» ብሎ አስቀድሞ በሩን ከፈተና ንግግሩን አስከተለ፤ ስለዚህ የሚቀረው የጓደኛው ድምፅ ነው። አንቺ ንግግሩን አስቀድመሽ ማብራሪያውን ከኋላ ስታመጪ አንባቢው ስቆ ሳይጨርስ ማብራሪያ ገባበት። «ይይዝብኛል» የአሁን ጊዜ፣ ሌላው ያለፈ ጊዜ መሆኑም አያሳስብሽ። አፍ ላይ ታሪክ ስንተርክ እዚህ ጋ ስንደርስ ወደ አሁን እንገባለን፤ ያለፈው ሁሉ ፊታችን ይመጣል።

እንግዲህ እኔ ብሆን፣ ስልኩ ማዕረጉን የተገፈፈው ሆን ተብሎ ነው ብሎ ከመለሰልኝ፣ አንቀጹን እንዲህ እተወው ነበር፦

«ጠዋት ስነሳ ስልኬ አልነሳም አሉ። እሳቸው ሼባ ናቸው አቦ፣ አይፈረድባቸውም። ባትሪውን አውጥቼ አሻሸሁላቸው። አይናቸውን ገለጥ አደረጉና አንድ ፐርሰንት አሳዩኝ። ላሽ አለ። ከዛ እኔ ፋራው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ጀለሴ ደሞ አጠገቤ ሆኖ ሙድ ይይዝብኛል። ‹አንቺ፣ ቀብሩ መቼ ነው? ንገሪን እንጂ› ይለኛል።»

ቁጠሪው ብልሽ፣ ከእሱ ቃላት አንድም አልወጣም። «አሳይተውኝ» «አሳዩኝ»፣ «ንገረን» ደግሞ «ንገሪን» ሆኑ። የቀረው ፊደልና ነጥብ ነው። አስተያየት ሰጪ እንኳ ቢያየው «ፊደል ያልቆጠረ» የሚልበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ሁለታችሁ ልመለስ። ወንድምሽ ዝም ማለቱ ሥራሽን መናቁ አይመስለኝም። ምን እንደጠፋበት ለይቶ መናገር አቅቶት ይሆናል። ስህተት የለውም ብሎሻል፤ ታዲያ ምን ብሎ ይከራከርሽ? አንቺ ደግሞ ስትናደጂ ከምን ነው የመጣው ብለሽ ራስሽን ጠይቀሻል? ለእሱ ስም መፍራትሽ እውነት ነው። ግን «እህቱ የቋንቋ ሰው ሆና እንዴት አሳለፈችው» መባሉም ትንሽ አስፈርቶሽ ይሆን? ቢሆን አይፈረድብሽም። ግን ያ ፍርሃት ሲኖር እጅ ከሚገባው በላይ ያርማል፤ ስለዚህ ለይተሽ እወቂው።

ሌላ ጽሑፍ እንዲልክልሽ አትጠብቂው፤ አንቺ ጀምሪ። ይህንኑ አንቀጽ ከመነሻው ወስደሽ እንደገና ሥሪው። በኮምፒውተር ከሆነ የምትሠሩት በ Word ላይ Track Changes፣ በ Google Docs ላይ ደግሞ Suggesting የሚለውን ክፈቺ፤ የነካሽው ሁሉ ይታየዋል፣ ያልወደደውን በአንድ ጠቅታ ይመልሰዋል። ሳትጠይቂ የምታርሚው ፊደል፣ አራት ነጥብና ትእምርተ ጥቅስ ብቻ ይሁን። ቃል የሚቀየርበት፣ ዓረፍተ ነገር የሚቆረጥበት፣ ማዕረግና ጾታ የሚነካበት ቦታ ሁሉ በዳር ላይ በጥያቄ ይጻፍ። በተለየ ገጽ ላይ ደግሞ የተስማማችሁባቸውን መዝግቢ፦ ደሞ፣ ከዛ፣ ጀለስ፣ አይን፣ ፐርሰንት። አምስተኛው ጽሑፍ ላይ ስትደርሺ ራስሽን «ደግሞ» እያልሽ ስታርሚ ከተገኘሽ ያቺ ገጽ ትመልስሻለች።

ስትጨርሱ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ፈልጉ፤ ወንድምሽ ግን አይሁን። እሱ ማረፊያውን በልቡ ስለሚያውቀው ነጥብ ባይኖርም ያርፋል፤ ጉድለቱ ይሸፈንባችኋል። ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ጓደኛ ያንብበው። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ሥርዓተ ነጥቡ ገና ነው። ሳይስቅ ያለፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ረቂቅ ተመልሰሽ የነካሽው ነገር እንዳለ እዪ።

ለሌላ ሰው ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔ አልተውም ባይ ነኝ። ሌላ አራሚ ወንድምሽ ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም፤ አንቺ ዕድሜ ልክሽን ሰምተሽዋል። አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ግን ተዪው፦ ጥያቄዎችሽን ከላክሽለት በኋላ ወንድምሽ ራሱ «እህቴ፣ ይቅርብን፤ እንጣላለን» ካለሽ። ያኔ ያቺን የተስማማችሁባትን ገጽ ለሚቀጥለው አራሚ ስጡት። ከጽሑፉ ጋር ለመጽሔቱም ላኩለት፤ እዚያ ያለው አራሚ «ላሽ አለ»ን አይቶ «ላሽ አሉ» ሊያደርገው እጁን ሲያነሳ፣ ሆን ተብሎ የተጻፈ መሆኑን ከዚያ ያነብባል።

ለዛሬ ማታ የምትልኪለት መልእክት ካስፈለገሽ ይኸውልሽ፦ «ያንን የስልኩን እንደገና አየሁት። እሳቸውን አንቱ ማለትህን አጥፍቼብህ ነበር፤ መልሼልሃለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ላሽ ያለው ላይ ማዕረጋቸውን የገፈፍከው ተናደህ ነው?»